ካርቶኑ የጠፋ፣ ባትሪው የሞተ ስማርት ባንድ፦ ሞዴሉን ከጀርባው መለየት (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ሀዋሳ ውስጥ የሞባይል ጥገና ላይ ነው የምሠራው። ስልክ ነው ሥራዬ፣ ግን ባለፉት ዓመታት ከስልክ እኩል ማለት ይቻላል ሰዓት ይመጣልኛል። አመጣጡም አንድ ዓይነት ነው። ከውጭ ዘመድ የላከው፣ ወይ ከሰው እጅ የተገዛ ባንድ፣ ካርቶን የለው፣ ቻርጀር የለው፣ ስክሪኑ ጥቁር። «ቻርጀር አለህ?» ይሉኛል። «የምን?» እላለሁ። «የሰዓት!» ይሉኛል። እዚያ ላይ ነው ነገሩ የሚጀምረው፣ ምክንያቱም የሰዓት ቻርጀር የሚባል አንድ ነገር የለም። ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ስክሪኑ ካልበራ ሞዴሉን ማወቅ ይቻላል እንዴ?

አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል። ስክሪኑ ሲበራ የሚያሳያችሁ የጀርባ ምስልና ሜኑ እንዲያውም የሚያሳስት ነገር ነው፣ ኮፒ የሚሠሩት ሰዎች መጀመሪያ የሚገለብጡት እሱን ስለሆነ። ጀርባው ግን ብዙ ይናገራል። የማይበት ቅደም ተከተል ይኸው ነው፦ መጀመሪያ ጽሑፍ፣ ቀጥሎ የቻርጅ ነጥቦቹ፣ ቀጥሎ ማሰሪያው ከሰዓቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ፣ ከዚያ ሴንሰሩ፣ በመጨረሻ የማሰሪያው ቁልፍ። ብዙ ሰው ከመጨረሻው ነው የሚጀምረው፤ ማሰሪያውን አይቶ «ሁዋዌ ነው» ይላል። ማሰሪያ ግን ልብስ ነው፣ ይቀየራል።

ጽሑፉ የት ነው ያለው? እኔ ምንም አይታየኝም።

አለ፣ ግን ደቃቅ ነው። ቀለሙ ከጀርባው ጋር ተመሳሳይ ስለሚሆን ፊት ለፊት ብታዩት አይታይም። የላብና የሎሽን ቆሻሻውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ መስኮት አጠገብ ሂዱና ብርሃኑ በጎን እንዲመታው አዘንብሉት። ከዚያ በስልክ ካሜራ ፎቶ አንስታችሁ አጉሉት። ዓይናችሁ ሺህ ጊዜ ያላየውን ፎቶው ያሳያችኋል። የሚያምር ፎቶ አይደለም የሚፈለገው፣ በጎን የመጣ ብርሃን ነው።

እንደ ሺያኦሚ ባንድ ከጎማው ውስጥ የሚወጣ ከሆነ አውጡት። ያቺን ሞላላ ነገር እኛ ሱቅ ክኒን ነው የምንላት። ጽሑፉ ጀርባዋ ላይ ነው። ማሰሪያው በሚስማር የሚገጠም ትልቅ ሰዓት ከሆነ ደግሞ በሴንሰሩ ዙሪያ ክብ ሠርቶ የተጻፈውን አንብቡ።

የምትፈልጉት የሞዴል ቁጥሩን ነው። እያንዳንዱ ድርጅት የራሱ አጻጻፍ አለው። ሺያኦሚ እስከ 6ኛው ባንድ ድረስ `XMSH` ብሎ ይጀምርና በ`HM` ይጨርሳል። ሳምሰንግ `SM-R` ይላል። ፊትቢት `FB` ብሎ ሦስት አሃዝ ያስከትላል። ሁዋዌ እንደ `FRA-B19` ያለ፣ በመሃሉ ሰረዝ ያለበት ነው፤ ይሄኛው ሁዋዌ ባንድ 6 ነው። አንድ ወጥመድ አለ፦ አማዝፊትም አፕልም `A` ብለው አራት አሃዝ ይጽፋሉ። `A1608` የሚል ያየ ሰው «አፕል ነው» ብሎ ሲደሰት አይቻለሁ። አማዝፊት ቢፕ ነበር።

ጽሑፉ ተፍቆ ጠፍቷል። ከዚያስ?

የቻርጅ ነጥቦቹን እዩ። ጀርባው ወይም ጠርዙ ላይ ያሉት ወርቃማ ወይም ብርማ ነጥቦች ናቸው። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ስንት ናቸው፣ የት ናቸው፣ በመካከላቸው ስንት ሚሊሜትር አለ።

በሺያኦሚ ባንድ ላሳያችሁ፣ በእጃችሁ የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነውና። 3ኛው ላይ ነጥቦቹ ያሉት በክኒኗ ጫፍ ነው። ክኒኗን ከጎማው አውጥታችሁ በጫፏ ቻርጀሩ ውስጥ ትሰኳታላችሁ። 4ኛው ላይ ነጥቦቹ ወደ ጀርባ ሄዱ፣ ግን ከካርቶኑ ጋር የሚመጣው ቻርጀር አሁንም ክኒኗን አውጥታችሁ የምታስተኙባት ትንሽ አልጋ ነው። 5ኛው በ2020 ሲወጣ ነው ነገሩ የተቀየረው፦ ጀርባው ላይ ሁለት ነጥብ፣ በማግኔት ቼክ ብሎ የሚለጠፍ ገመድ፣ ከጎማ ማውጣት ቀረ። 6ኛውና 7ኛውም በዚያው ገመድ ይሞላሉ። 8ኛው ደግሞ ሌላ ገመድ ይፈልጋል።

ስለዚህ ነጥቦቹ ጫፍ ላይ ከሆኑ 5፣ 6 እና 7ን ወዲያው ከዝርዝሩ ታወጣላችሁ። ክኒኗ ከጎማ የምትወጣ ሆና ነጥቦቹ ጀርባ ላይ ሁለት ከሆኑ ጥርጣሬው በ4 እና በ5–7 መካከል ይቀራል። የተሳሳተ ቻርጀር ብዙ ጊዜ የሚገዛው እዚህ ጋ ነው።

ርካሾቹ ባንዶች ላይ ደግሞ ነጥብ ጭራሽ ላታገኙ ትችላላችሁ። «ቻርጀር የለውም» ብላችሁ ከመጣላችሁ በፊት አንዱን ማሰሪያ ጠበቅ አድርጋችሁ ወደ ውጭ ሳቡት። እንደ `ID115` ያሉት ውስጣቸው የተደበቀ የዩኤስቢ ምላስ አላቸው፣ በቀጥታ የስልክ ቻርጀር ራስ ላይ ይሰካሉ። አንድ ጋሼ ሁለት ወር ሙሉ ቻርጀር ሲፈልጉ ቆይተው እኔ ፊት ማሰሪያውን ስስበው የሳቁት ሳቅ አይረሳኝም።

ሁለት ነጥብ ያለው ማግኔት ገመድ ሁሉ አንድ አይደለም?

አይደለም! ይሄ ብቻ እንኳን ቢገባችሁ ገንዘባችሁ ይተርፋል። ስም የለሾቹ ሰዓቶች ላይ በብዛት የሚሸጡት ገመዶች በርቀት ነው የሚለያዩት። ባለ ሁለት ነጥቡ 2.84 ሚሊሜትር አለ፣ 4 ሚሊሜትርም አለ። ባለ አራት ነጥቡ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነጥብ 7.62 ሚሊሜትር ነው። ሻጩ ጋ ሄዳችሁ «ሁለት ነጥብ» ብቻ ካላችሁ ከሁለቱ አንዱን ይሰጣችኋል፣ ማግኔቱም ይለጠፋል፣ ግን ነጥቡ ነጥቡን አይነካም።

የሚለካው ከአንዱ ነጥብ መሃል እስከ ሌላው መሃል ነው። መሃሉን በዓይን ማግኘት ስለሚከብድ ከአንዱ ነጥብ ግራ ጠርዝ እስከ ሌላው ግራ ጠርዝ ለኩ፣ ውጤቱ ያው ነው። የተማሪ ማስመሪያ ይበቃል፤ ሦስት ሊሞላ ትንሽ የጎደለውን ከአራት መለየት ያን ያህል አይከብድም። በጣም ካጠራጠራችሁ ወርቅ ቤት ወይ ጋራዥ ጎራ በሉና ካሊፐር ለምኑ።

ርቀቱ ገጥሞም አንድ ስጋት ይቀራል። በትክክለኛው ገመድና ሰዓት ላይ ማግኔቶቹ አብዛኛውን ጊዜ የተቀመጡት በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሳቡ ነው፣ ብታዞሩት ይገፋፋሉ። የሌላ ሰዓት ገመድ ግን ተገልብጦም ሊለጠፍ ይችላል፣ ያኔ ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ይቀያየራል። 5 ቮልት ለእናንተ ምንም ነው፣ ለትንሿ ሰርኪት ግን ተገልብጦ ከገባ ሊጨርሳት ይችላል። ገመዱ «ለዚህ ሞዴል» ተብሎ ካልተሸጠ መልቲሜትር ባለው ሰው አስለኩት። ደግሞ ማግኔት ገመዱን ግድግዳ ላይ ሰክታችሁ አትተዉት። ቁልፍ ወይ ሳንቲም ስቦ ሁለቱን ነጥብ ካገናኘ ይግላል።

እስቲ አንዱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሳየን።

አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ባንድ ይዛ መጣች። አክስቷ ከዱባይ ልካላት ነው፣ አክስትየዋ ራሷ ስትጠቀምበት የቆየ። ልጅቷ በሰው ምክር ለ4ኛው የሚሆነውን ባለ አልጋ ቻርጀር ገዝታለች፣ ክኒኗ ግን አልገባ ብላታለች።

«ወንድሜ፣ ትንሽ ብሞርደውስ?» አለችኝ።

«ኧረ በፈጠረሽ!» አልኳት።

ክኒኗን ከጎማው አወጣኋት። ጀርባዋ ላይ ሁለት ነጥብ አለ። በሰው ምክር 4 ነው የተባለው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። በጨርቅ ጠርጌ፣ በር ላይ ወጥቼ፣ በጎን ብርሃን ፎቶ አነሳኋት። `XMSH1` ይላል፣ ቀጣዩ አሃዝ ተፍቋል፣ ከዚያ `HM`። እዚህ ላይ ብዙ ነገር ተወሰነ። 4ኛው `XMSH07HM` ወይም `XMSH08HM` ነው፣ ስለዚህ ከ1 አይጀምርም፣ ወጣ። 7ኛው ጭራሽ `XMSH` አይልም፣ የሱ `M2130B1` ወይም የቻይናው `M2129B1` ነው፣ እሱም ወጣ። የቀረው 5ኛው ነው፣ ማለትም `XMSH10HM` ወይም `XMSH11HM`፣ ካልሆነ ደግሞ 6ኛው፣ `XMSH15HM` ወይም `XMSH16HM`።

በማስመሪያ መለካት እዚህ አይረዳም። 5ኛው 18.15፣ 6ኛው 18.6 ሚሊሜትር ስፋት ነው ያላቸው፤ ግማሽ ሚሊሜትር የማይሞላ ልዩነት በማስመሪያ አይታይም። (7ኛው ቢሆን 20.7 ስለሆነ ይታይ ነበር።) ስለዚህ ገለበጥኳትና የጠፋውን ስክሪን በጎን ብርሃን አየሁት። 5ኛው ከስክሪኑ በታች ክብ የንክኪ ምልክት አለው። 6ኛው የለውም፣ ስክሪኑ እስከ ጫፍ ነው የሚሄደው። የሷ ላይ ክብ የለም። 6ኛው ነው፣ አለቀ።

የመጨረሻው አሃዝ 5 ይሁን 6 አላስጨነቀኝም። ልዩነቱ በማስጠጋት የሚከፈልበት ኤንኤፍሲ ያለው የቻይና ሥሪት ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው፣ ቻርጀሩና ማሰሪያው ያው ነው። ሞዴል ስትለዩ ሁልጊዜ ይህን ጠይቁ፦ ይህ ልዩነት የምገዛውን ዕቃ ይቀይረዋል? ካልቀየረ እለፉት።

ለ5፣ ለ6፣ ለ7 የሚሆነውን ገመድ ለጠፍኩባት። ምንም የለም። ልጅቷ ፊቷ ጨለመ። ለረጅም ጊዜ ባዶ ሆኖ የተቀመጠ ባትሪ ስክሪን ለማብራት ጊዜ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ተለጥፋ እንድትቆይ ተውኳትና ሌላ ሥራ ጀመርኩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የባትሪ ምልክት መጣ። በስልኳ ብሉቱዝ ስትፈልግ `Mi Smart Band 6` ብሎ ወጣ። የመጨረሻው ማረጋገጫ ይሄ ነው። የባለ አልጋውን ቻርጀር መልሳ ገንዘቧን ታግኝ አታግኝ አላውቅም።

ሴንሰሩ ስንት መብራት እንዳለው ቆጥሬ ሞዴሉን አላውቅም?

በትልልቆቹ ሰዓቶች ይረዳል፣ በትንንሾቹ ባንዶች እምብዛም። አሠራሩን ካወቃችሁ ግን የምታዩት ነገር ትርጉም ይኖረዋል። መስታወቱ ሥር መብራትና ብርሃን ተቀባይ አለ። አረንጓዴው መብራት ቆዳ ውስጥ ይገባል፣ ደም ሲመታ የሚመለሰው ብርሃን ይቀያየራል፣ ተቀባዩ ያንን ይቆጥራል። የልብ ምት ማለት ይሄው ነው። የደም ኦክስጅን ለመለካት ደግሞ ቀይና በዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ይጨመራል። ሺያኦሚ 5ኛው የደም ኦክስጅን አይለካም፣ 6ኛው ይለካል። ስለዚህ የሚበራ ባንድ ከሆነ ኦክስጅን ለካ በሉትና ጀርባውን እዩ፤ ቀይ ከበራ 5ኛው አይደለም።

አፕል ላይ ሴንሰሩ ራሱ ይናገራል። ከመጀመሪያው እስከ ሲሪስ 3 ድረስ ጀርባው ላይ አራት ክብ መስኮቶች አሉ፣ በአራት ማዕዘን መልክ የተደረደሩ። ከሲሪስ 4 ጀምሮ ያ አቀማመጥ ተቀየረ። አራት ክብ ያለውን ሰው «ሲሪስ 6 ነው» ብሎ ሊሸጥላችሁ ቢሞክር ሳቁበት። ዙሪያውን የተጻፈውንም አንብቡ፣ ሲሪሱና ሚሊሜትሩ እዚያው አለ።

ሴንሰሩ የውሸት መሆኑን ለማወቅ ሙዝ ላይ አስረን ብንሞክርስ?

ይሄን ቪዲዮ ሁላችሁም አይታችሁታል መሰለኝ። ሰዓቱን ሙዝ ላይ ያስሩታል፣ 78 ይላል፣ «ፎርጅድ ነው!» ይባላል። ችግሩ ኦሪጅናሉም ሙዝ ላይም ሶፍት ጥቅል ላይም ቁጥር ሊሰጥ መቻሉ ነው። አረንጓዴ ብርሃን የሚመልስለት ማንኛውም ነገር ሊያታልለው ይችላል። ስለዚህ በሙዝ ፈተና ማንንም አትክሰሱ።

የሚሻለው በሰውነት መሞከር ነው። ተቀምጣችሁ ለኩ፣ ደረጃ ሁለት ሦስቴ ወጥታችሁ ውረዱ፣ ወዲያው ለኩ፣ ጣታችሁን አንገታችሁ ላይ አድርጋችሁም ቁጠሩ። የልባችሁ ምት ዘሎ ሰዓቱ እዚያው 75 ላይ ከተቀመጠ ያ አረንጓዴ መብራት ጌጥ ነው።

ማሰሪያውና ቁልፉስ?

ሁለት ነገር ለዩ፦ እጅ ላይ የሚዘጋበት ቁልፍ አለ፣ ማሰሪያው ሰዓቱን የሚይዝበት መጋጠሚያ አለ። ቁልፉ ይዋሻል። መጋጠሚያው ግን ከሰዓቱ ቅርጽ ጋር የተሠራ ስለሆነ ለመዋሸት ይቸገራል።

ቁልፉ ኦሪጅናል ከሆነ ፍንጭ ይሰጣል። የሺያኦሚ ባንዶች ላይ እንደ ጃኬት ቁልፍ ቀዳዳ ውስጥ የምትጫን ጉጥ ናት ያለችው። ሁዋዌ ባንድ 6 ላይ ደግሞ እንደ ቀበቶ ዘለበት ነው። ግን ገበያው ላይ ለሁሉም የሚሆን በማግኔት የሚዘጋ፣ የብረት፣ የጨርቅ ማሰሪያ ሞልቷል፣ ስለዚህ ዘለበት አይታችሁ ሁዋዌ ነው አትበሉ።

መጋጠሚያው ላይ ስትመጡ፣ ሺያኦሚ እስከ 7 ድረስ ክኒኗ ጎማው መሃል ካለው ቀዳዳ ውስጥ ነው የምትቀመጠው። 8ኛው ላይ ይሄ ቀረ፣ ማሰሪያው ሁለት ቁራጭ ሆኖ ከላይና ከታች ተለይቶ ይገጠማል። 8 እና 9 ማሰሪያ ይዋዋሳሉ፣ 3 እና 4ም እንደዚያው። ለ5፣ ለ6 እና ለ7 አንድ ላይ ተብሎ የሚሸጥም አለ። ለ4ኛው ተብሎ የተገዛ ጎማ ውስጥ 6ኛውን በጉልበት ያስገባ ሰው ግን ሐይቅ ዳር ሲሮጥ ክኒኗን መጣሉ አይቀርም።

በሚስማር የሚገጠም ሰዓት ላይ ሁለቱ ጆሮዎች መሃል ያለውን ስፋት ለኩ። 18፣ 20 ወይም 22 ሚሊሜትር ይሆናል በብዛት። ይሄ ማሰሪያ ለመግዛት ይበቃል፣ ሞዴል ለመለየት ግን አይበቃም፤ ባለ 20 ሚሊሜትሩ ብቻውን ስፍር ቁጥር የለውም። አፕል ላይ ሚስማር የለም፣ ጀርባው ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭናችሁ ማሰሪያውን ወደ ጎን ታንሸራትቱታላችሁ።

የኔ ጀርባው ላይ ምንም ነጥብ የለውም፣ ማሰሪያውም ውስጥ ምላስ የለም።

እንግዲያው ያለ ንክኪ የሚሞላ ነው፣ ክብ ሳህን ላይ የሚቀመጥ። የሳምሰንግ ጋላክሲ ዋቾችና አፕል እንደዚያ ናቸው። ሳምሰንግ ከሆነ `SM-R` የሚለውን ፈልጉ።

የአፕል ጉዳይ ላይ አንድ አጭር ሕግ ስጡኝ ካላችሁ፦ ጀርባው ላይ ወርቃማ የቻርጅ ነጥቦች ከታዩ አፕል አይደለም። የአፕል ዋች አልትራን የሚመስሉት ኮፒዎች ብዙዎቹ እዚህ ጋ ነው የሚጋለጡት። ነጥብ የሌለው ኮፒም ስላለ በተቃራኒው ግን አይሠራም፤ ነጥብ አለመኖሩ አፕል አያደርገውም።

ትክክለኛውን ቻርጀር ገዛሁ፣ ይለጠፋል፣ ግን አይሞላም።

ነጥቦቹን አጉልታችሁ እዩ። አረንጓዴ ወይ ጥቁር ነገር ካለ የላብ ሥራ ነው። በኛ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ታስሮ የሚውል ባንድ ከላብ ጋር ነው የሚኖረው። ፋርማሲ የሚሸጠውን አልኮል በጆሮ መጥረጊያ ጥጥ አድርጋችሁ ፈትጉት፣ ካልለቀቀ በእርሳስ ላጲስ ቀስ አድርጋችሁ አሹት። ብርጭቆ ወረቀትና ምላጭ አይሆንም፣ ወርቃማው ልባስ ስስ ነው፣ እሱ ከተነሳ ዝገቱ ይብሳል።

ገመዱን ኮምፒውተር ላይ ወይ ተራ 5 ቮልት ቻርጀር ላይ ሰኩ። ከዚያ ታገሡ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት። ስክሪኑ ከሰዓቱ ወደ ላይ እየተነሳ ከሆነ ግን ባትሪው አብጧል ማለት ነው፣ ቻርጅ አታድርጉት።

ሞዴሉን አወቅኩ፣ ሞላሁት፣ ስልኬ ግን «ከሌላ አካውንት ጋር ተያይዟል» አለኝ።

ቻርጀርም ማሰሪያም የማይፈታው ችግር ይሄ ነው። የቀድሞው ባለቤት በስልኩ አፕ ገብቶ ባንዱን ማላቀቅ አለበት። ባንዱን ራሱን ወደ ፋብሪካ ሁኔታ መመለስ ሁልጊዜ አይበቃም። ያቺ ተማሪ አክስቷን ደውላ ነው ያስፈታችው፣ `Zepp Life` ውስጥ ገብታ። ከማታውቁት ሰው መናኸሪያ አካባቢ የገዛችሁት ከሆነ ማንን ትደውላላችሁ? ስለዚህ ከሰው እጅ ስትገዙ ሻጩ ፊታችሁ ያላቅቀው።

ሞዴሉን ማወቅ አፑንም ይወስናል። 6ኛውና ከሱ በፊት ያሉት `Zepp Life` ላይ ይሠራሉ፣ ይሄው የድሮው `Mi Fit` ነው። 8ኛው `Mi Fitness` ነው የሚፈልገው። ባንዱ ሺያኦሚ እየመሰለ `FitPro` አውርዱ የሚል ወረቀት ካለው ኮፒ ነው፣ ቻርጀሩንም እንደ ኮፒ በሚሊሜትር ለክታችሁ ግዙ።

ሞዴሉን ካወቅኩ በኋላ ጭራሽ ቻርጅ ማድረግ የሌለብኝ አለ?

አንድ በስም የማውቀው አለ፦ ፊትቢት አዮኒክ። በፈረንጆቹ 2022 ማርች ወር አሜሪካ ውስጥ ባትሪው እየጋለ ሰው ስላቃጠለ ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደርጓል። ከውጭ በሻንጣ የሚመጣ ያገለገለ ዕቃ ውስጥ አንዱ ሊገኝ ይችላል። ጀርባው ላይ፣ ማሰሪያው የሚገናኝበት አጠገብ `FB503` የሚል ካያችሁ ቻርጀር አትፈልጉለት።

ፎቶ ልላክልህ፣ አንተ ትለየዋለህ?

እሺ፣ ግን «ይሄ ምንድን ነው?» ብላችሁ ከፊት ያነሳችሁትን ጥቁር ስክሪን አትላኩ። አራት ፎቶ ይበቃኛል። የጀርባው ሙሉ ፎቶ፣ በጎን ብርሃን። የቻርጅ ነጥቦቹ ከተጠጋ፣ አጠገባቸው ማስመሪያ ተጋድሞ። ማሰሪያው ከሰዓቱ ጋር የሚገናኝበት፣ ማሰሪያው ወጥቶ። አራተኛው የጠፋው ስክሪን፣ አዘንብላችሁ፣ ክብ ምልክት ካለ እንዲታይ። ፍላሽ አጥፉ፣ ፍላሽ ጽሑፉን ያጠፋዋል። ማስመሪያው ደግሞ ከነጥቦቹ ጋር እኩል ከፍታ ላይ ይሁን፤ ከኋላ ራቅ ብሎ ከተቀመጠ 4 ሚሊሜትሩ 5 ሆኖ ይታየኛል።